ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ዓረፍተ ነገር

እማማ ሜጋ መሞታቸውን በስልክ ስትሰማ ሳኤ ኩሬባያሺ አላለቀሰችም። ስልኩን ዘጋች፤ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች፤ ገና ያልጠየቀቻቸውን ጥያቄዎች ቆጠረች። አሥራ አንድ ነበሩ። ከቆጠረች በኋላ ነው ያደረገችውን ያየችው። አፈረች ለማለት ግን ያስቸግራል። ማፈር እንደሚገባት ታውቅ ነበር፤ እፍረቱ አልመጣም እንጂ።

የደወለችላት የእማማ ሜጋ ልጅ ሂሳኖ ናት። ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሳኤ ቋንቋዋን በምታጠናት ትንሽ የጃፓን ደሴት ላይ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እናቷ ጠዋት ቁርሳቸውን በልተው፣ ፀሐይ ልሙቅ ብለው በረንዳ ላይ እንደተቀመጡ መሄዳቸውን ነገረቻት። ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነበር። ሂሳኖ ወሬውን እንደ ተራ ጉዳይ አውርታ፣ መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ትምህርትሽ እንዴት ሊሆን ነው?» አለቻት። ሳኤ አልቋል ማለት ይቻላል ብላ መለሰች።

አልቋል ያለችውም ውሸቷን አልነበረም። አምስት ዓመት የለፋችበት የዶክትሬት ጽሑፍ በኅዳር መጨረሻ ይገባል። ስለ ደሴቲቱ ቋንቋ የተጻፈ የመጀመሪያው ሙሉ ሰዋስው ነው። ጽሑፉ በጊዜው ከገባ ደግሞ በፉኩኦካ ከተማ፣ እዚያው በተማረችበት የዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ ከሚያዝያ ጀምሮ የማስተማር ሥራ ይጠብቃታል። ሥራውን ያዘጋጁላት አማካሪዋ ፕሮፌሰር ኢሶሙራ ናቸው። እሳቸው ለአንድ ሰው ሥራ ሲያዘጋጁ ሰውየው ምን ብሎ መጻፍ እንዳለበትም አብረው ያዘጋጃሉ።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው «ጋና» በምትባል ትንሽ ድምፅ ላይ ነው። የደሴቲቱ ሰዎች አንድን ነገር ማሳነስ ወይም ማቆላመጥ ሲፈልጉ ጋናን ከኋላው ያስከትሉታል። ቤት ጋና ሲሉ ትንሽዬ ቤት ማለታቸው ነው። ጥያቄው ጋና ምን ዓይነት ፍጥረት ናት የሚለው ነው። ራሷን የቻለች ቃል አይደለችም፤ ይኼ አያከራክርም። ሰው «ምን አልክ?» ተብሎ ቢጠየቅ ብቻዋን ጋና ብሎ መመለስ አይችልም፤ የራሷ የድምፅ ከፍታም የላትም፣ ከፊቷ ያለው ቃል ባነሣት ትነሣለች፣ በጣላት ትወድቃለች። የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ቅጥያ ነው። ቅጥያ ከቃሉ ሥጋ የተሰፋ፣ የሚሰፋበትን የቃል ዓይነት የሚመርጥ፣ አንዳንዱን ያለ ምክንያት እምቢ የሚል፣ አንዳንዱ ላይ ሲሰፋ ደግሞ ቃሉን የሚያበላሽ ነው። ሌላው ተደጋፊ ቃል ነው። ተደጋፊ ቃል ብቻውን ባይቆምም ከቃል አይሰፋም፤ ሐረጉ ባለቀበት ቦታ ማንም ይቁም ማን እሱ ላይ ዘንበል ይላል። በጽሑፍ ለቅጥያ ጭረት፣ ለተደጋፊ የእኩልታ ምልክት ይደረጋል። ሦስተኛ ምልክት የለም።

ጋና ታዲያ ጠባይዋ አስቸጋሪ ነው። ስሞችን ትከተላለች፤ ግን ደግሞ «ቀስ» እና «ጥቂት» የሚሉትን የመሰሉ አራት ተውሳከ ግሦችንም ትከተላለች። ይኼ የተደጋፊ ጠባይ ይመስላል። አራቱ ግን አራት ብቻ ናቸው፤ አምስተኛ አልተገኘም፤ ስለዚህ ድሮ ደርቀው የቀሩ ሊሆኑ ይችላሉ። በሌላ በኩል ስድስት ስሞች ጋና ስትከተላቸው ቅርጻቸው ማንም ሊገምተው በማይችል መንገድ ይለወጣል፤ «ዝናብ» እና «ነፋስ» ደግሞ ጭራሽ አያስጠጓትም። ለምን ቢባል መልስ የለም። ይኼ የቅጥያ ጠባይ ነው። አንዴ ሳኤ «ድመትና ውሻ ጋና» ሲባል ማነስ ለሁለቱም ይደርሳል ወይስ ለውሻው ብቻ ብላ እማማ ሜጋን ጠይቃቸው ነበር። ለሁለቱም ከደረሰ ጋና የምትደገፈው በሐረጉ ሁሉ ላይ ነው ማለት ነው። እማማ ሜጋ በጥሞና አስበው የጎረቤታቸው ድመት በእርግጥ ትንሽ እንደሆነች፣ ውሻው ግን ጥጃ የሚያህል እንደሆነ ነገሯት።

እንዲህ ግራና ቀኝ የሚጎትተውን ነገር ቁርጥ ያደረገው ሳኤ ቀድታ በተራ ቁጥር ከጻፈቻቸው መካከል ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። «ወደ ወደቡ ሄድኩ» የሚል ነው። በደሴቲቱ ቋንቋ «ወደ» ከስሙ ኋላ የሚመጣ ተደጋፊ ነው፤ ሳኤ ይኼን በአርባ ገጽ አስረግጣለች። ጋና ዘወትር ከስሙና ከዚህ ተደጋፊ መካከል ትገባለች። በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ ከተደጋፊው አልፋ ውጭ ቆማለች። ቅጥያ ደግሞ ተደጋፊን ተሻግሮ ከውጭ አይቆምም። የተሻገረ እሱም ተደጋፊ ነው። ደብተሩ ላይ ከዓረፍተ ነገሩ አጠገብ «ተናጋሪ፦ ሜጋ። ጥሩ።» ተብሎ ተጽፏል። ፕሮፌሰር ኢሶሙራ ይህችን መስመር ባዩ ቀን ሳኤን ምሳ ጋብዘዋታል። የደሴቶቹን ቋንቋዎች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ የሚያሰልፍ ትልቅ ሥራ ይዘዋል፤ ሠንጠረዡ ደግሞ በየሳጥኑ ውስጥ ከሁለቱ ምልክቶች አንዱን ይፈልጋል። ባዶ ሳጥን አይወዱም።

በጥቅምት መጀመሪያ ጽሑፉ ከመግባቱ በፊት የሚደረገው የቅድመ ፈተና ስብሰባ በአራተኛ ፎቅ ተደረገ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣችው ፈታኝ ዶክተር ናጋኡራ ድምፅ የምታጠና፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስታዳምጥ ዓይኗን የምትጨፍን ሴት ናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ብዙም አልተናገረች። መጨረሻ ላይ ገጹን ገልጣ ጣቷን አኖረች።

«እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሴትዮዋ ይችን ከመናገራቸው በፊት ቴፑ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ከዚያ በፊት?»

«አዎ። ማነው የተናገረው?»

ሳኤ እንደማታስታውስ ተናገረች። ፕሮፌሰር ኢሶሙራ ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ ቅጂው በማኅደር እንዳለ፣ ተማሪዋ ጠንቃቃ እንደሆነች፣ ጊዜውም እንደሄደ ተናገሩ። ዶክተር ናጋኡራ ራሷን ነቀነቀችና ደብተሯን ዘጋች። ጥያቄዋን አልደገመችም። መድገም አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሳኤ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ጆሮ ማዳመጫዋን አደረገች። ቅጂው የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የደሴቲቱን ቋንቋ ገና በቅጡ መስማት በማትችልበት ጊዜ የተቀዳ። ያን ጊዜ የወሰደችው አራት ሰከንድ ቆርጣ ነበር፤ የእማማ ሜጋን ዓረፍተ ነገር ብቻ። አሁን ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ መለሰችው።

መጀመሪያ የመጣው የራሷ ድምፅ ነበር። ከዋናው አገር ሰው አፍ የወጣ፣ የተጠና፣ አንድ አናባቢ የረዘመበት። «እንዲህም ይባላል?» ትላለች፤ ከዚያም ራሷ የሠራችውን ዓረፍተ ነገር ጋናን ከውጭ አስቀምጣ ትናገራለች። የብርጭቆ ድምፅ። ከዚያ እማማ ሜጋ ዓረፍተ ነገሩን ራሱን፣ ቃል በቃል፣ ቀስ ብለው፣ እሹሩሩ እንደሚሉ ሆነው ይመልሱላታል። «አመሰግናለሁ» ትላለች ሳኤ፣ እርሳስ ወረቀት ላይ ይንሸራተታል። ከወጥ ቤት ውኃ ይወርዳል። የሂሳኖ ድምፅ በጃፓንኛ ይመጣል።

«እማ፣ እንዲህ የሚል ሰው አለ እንዴ?»

እማማ ሜጋ በደሴቲቱ ቋንቋ ይመልሳሉ፤ ያን ጊዜ ሳኤ ያልሰማችው፣ አሁን ቁልጭ ብሎ የሚሰማት። «ተያት። ከሩቅ ነው የመጣችው።»

ሦስት ጊዜ አዳመጠችው። ከዚያ ጆሮ ማዳመጫውን አውጥታ ሽቦውን ጠቀለለች። በዓለም ላይ ያሉ የሰዋስው መጻሕፍት ስንቶቹ በአሮጊቶች ደግነት ላይ እንደቆሙ ማንም ቆጥሮ አያውቅም። ሊቃውንቱ ፈተናዎቹን በአኃዝ ይደረድራሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይላሉ። የሚፈተነው ሰው እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው ብሎ ያደገ እንደሆነ ግን ፈተናው የሚፈትነው ጠባዩን ነው። ሳኤ ይኼን በመጀመሪያ ዓመት ትምህርቷ ተምራዋለች፣ ፈተና ላይ መልሳዋለች፣ ከፍተኛ ነጥብ አግኝታበታለች። ደሴቲቱ ላይ ግን ረሳችው።

ለፕሮፌሰሩ ኮሪደር ላይ ነገረቻቸው። መደጋገምም መናገር ነው አሏት። ሰው በቋንቋው የሌለውን ነገር አፉ ሳይደናቀፍ ሊደግመው አይችልም፤ ሴትዮዋ ተደናቅፈዋል ወይ? አልተደናቀፉም። እንግዲያውስ ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነው፤ ወደ ሥራሽ ተመለሽ አሏት። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም። ያስቸገራትም ይኼው ነው።

በኅዳር መጀመሪያ እማማ ሜጋ ከሞቱ አርባ ዘጠነኛው ቀን፣ በቡድሂስቶች ልማድ የሟች መታሰቢያ የሚደረግበት ቀን፣ ሆነ። ሳኤ በአውሮፕላን፣ ከዚያም በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ሄደች። በሂሳኖ ቤት ዘመዱ ተሰብስቧል። ላይ በላይ በተደረደሩ ሣጥኖች ውስጥ የተጠበሰ ቶፉ፣ የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ፣ የተቋጠረ የባሕር አረም አለ፤ ሳኤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ አረሙን እኩል አድርጋ መቋጠር ስለምታውቅ ወጥ ቤት አስገቧት። መነኩሴው ጸሎቱን አንብቦ ሄደ። ዘመዶቹ ስለ ሸንኮራ አገዳ ዋጋና ስለ አንድ የአጎት ልጅ ጉልበት ሲያወሩ ቆይተው ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ወጡ። ከግድግዳው ላይ የእማማ ሜጋ ፎቶግራፍ ይመለከታል። ሳኤ ፎቶግራፉን አይታ ምን እንደሚሰማት ጠበቀች። እጇ ላይ ያለው ዘይት ብቻ ተሰማት።

ሳህን እያጠቡ ስለ ቅጂው ለሂሳኖ ነገረቻት። ሂሳኖ ሳቀች።

«እማ እኮ ማንንም አታርምም። ጋዝ የሚያመጣልን ሰውዬ ከትልቁ ደሴት ሲመጣ በእኛ ቋንቋ ሰላም ልበል ይልና ያበላሸዋል። እሷ ደግሞ ልክ እሱ እንዳበላሸው አበላሽታ ትመልስለታለች። ሃያ ዓመት ሙሉ። ምስኪን፣ ዛሬም በር ላይ ቆሞ እንደዚያው ነው የሚለው።»

«እናንተስ? አላረማችሁትም?»

«አሁን ማን ይደፍራል? ከእማ ነው የተማርኩት ይላል።»

ሳኤ ዓረፍተ ነገሩን አለችላት፤ ጋናን ከውስጥ፣ ቀጥሎ ጋናን ከውጭ። የትኛው ነው የሚባለው? ሂሳኖ ሳህኑን ይዛ ቆመች። የመጀመሪያው ነው አለች፤ ሁለተኛውን የሚል ሰው የለም። ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ለሕፃን ግን ይባላል መሰለኝ። ለሕፃን የማይባል ነገር የለም፤ ሁሉ ነገር ጋና ነው፣ የትም ትሰኪዋለሽ። እማ ልጆቼን ስታስተኛ እንደዚያ ትል ነበር… ትል ነበር እንዴ? አላውቅም። ምናልባት።»

«ለእኔስ እንደ ሕፃን ነው የተናገሩኝ?»

«አንቺ ያን ጊዜ ለእማ ምን ነበርሽ? ጫማሽን እንኳ የት እንደምታወልቂ አታውቂም ነበር።»

«ስለዚህ ሲደግሙት ልክ ነው ብለው ነው ወይስ…»

ሂሳኖ ውኃውን ዘጋች። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እሷን አልጠየቅሻትም?»

«አልጠየቅኋቸውም።»

«አይ አንቺ ልጅ። ይኸውልሽ፣ እኔን ጠይቀሽ አዎ በይ ካልሽኝ አዎ እልሻለሁ። ትምህርትሽ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። እኔም የእሷው ልጅ ነኝ።»

ይኼን ብላ የተረፈውን ቶፉ በወረቀት ጠቀለለችላት። ደሴቲቱ ላይ ቋንቋውን አጥርተው የሚናገሩ ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ጆሯቸው አይሰማም፣ አንዱ ሆስፒታል ነው። ሳኤ ሆስፒታል ሄዳ አልጋው አጠገብ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። ሰውየው ነቅተው ነበር፤ ደስ ብሏቸው አነጋገሯት፣ ስለ ዓሣ ማስገሪያቸው። ዓረፍተ ነገሩን ልትሠራላቸው አፏን ከፈተች። ሁለቱንም አዎ እንደሚሉ ከዓይናቸው አየች። አፏን ዘጋችና ስለ ዓሣው ጠየቀቻቸው። ሰውየው ባወሩበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጋናን ዘጠኝ ጊዜ ተናገሩ፤ ዘጠኙም ጊዜ ከውስጥ ነበረች። ዘጠኝ ጊዜ አለመሻገር ግን መሻገር አይቻልም ማለት አይደለም። ያልተባለ ሁሉ የማይባል አይደለም፤ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይኼን ያውቃል፣ ሲመቸውም ይረሳዋል።

ፉኩኦካ በተመለሰች ሳምንት ወደ ፕሮፌሰር ኢሶሙራ ቢሮ ገባች። ምዕራፍ ሦስትን እንደገና ጽፋ ነበር። ፕሮፌሰሩ ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት። ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ከማስረጃዎቹ ወጥቷል። ጋና በየገጹ ላይ ያለ ጭረትና ያለ እኩልታ፣ በትንሽ ክፍተት ብቻ ተጽፋለች። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ የትኞቹ ፈተናዎች ወደ ቅጥያ፣ የትኞቹ ወደ ተደጋፊ እንደሚስቧት ተዘርዝሮ፣ ሊወስን ይችል ለነበረው ፈተና ከእንግዲህ አስተማማኝ መልስ የሚሰጥ ሰው እንደሌለ ተጽፏል።

«ምልክቱ የት አለ?» አሏት።

«የለም፣ ፕሮፌሰር።»

«ሠንጠረዡ ውስጥ ምን ላስገባ?»

«ባዶ ይተዉት።»

ፕሮፌሰር ኢሶሙራ መነጽራቸውን አወለቁ። አልጮሁም። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ እንደቆዩ፣ በየደሴቱ አንድ አስቸጋሪ ድምፅ እንደማይጠፋ፣ ሁሉንም ግን ሰው ቆርጦ እንደወሰነው ነገሯት። ተማሪ ሁሉ ቅንነቱን ለማሳየት ባዶ ቢተው ዛሬ ሠንጠረዥም ሙያም አይኖርም ነበር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኩሬባያሺ፣ እኔ የምፈርመው ለተደመደመ ሥራ ነው። አላውቅም የሚል ምዕራፍ ይዤ ኮሚቴ ፊት አልቀርብም። በኅዳር ካልገባ የሚያዝያው ቦታ ለሌላ ሰው ይሄዳል። ይኼን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አንዲት እኩልታ ናት። ማን ይጎዳል?»

ሳኤ አሰበች። በእርግጥ ማንም አይጎዳም። እማማ ሜጋ ሞተዋል፣ ሂሳኖ አታነበውም፣ ዶክተር ናጋኡራም ጥያቄዋን አልደገመችም። የተሳሳተው ምልክት በሠንጠረዡ ውስጥ ከሌሎች መቶ ምልክቶች ጋር ተሰልፎ ይኖራል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ይጠቅሰዋል።

«ያን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሳቸው የደገሙልኝ አሳዝኛቸው ነው።»

ፕሮፌሰሩ የወረቀቶቹን ጠርዝ አስተካክለው ጽሑፉን መልሰው ሰጧት። የሚቀጥለው ዓመት ማመልከቻ መቼ እንደሚከፈት ጸሐፊዋ ትነግርሻለች አሏት። ሳኤ ጎንበስ ብላ አመስግና ወጣች። ምግብ ቤት ገብታ ሩዝና ዓሣ አዘዘች፣ ሁሉንም በላች፣ ርቧት እንደነበረ ያወቀችው ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተመልሳ የዓረፍተ ነገሮቹን ዝርዝር ከፈተች። ስድስት መቶ ሠላሳ ናቸው። ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ጋ ሄዳ «ተናጋሪ» በሚለው ዓምድ ውስጥ «ሜጋ» የሚለውን አጠፋችና «ኩሬባያሺ» ብላ ጻፈች፤ አጠገቡ «ሜጋ ደግመውታል» አለች። ጠቋሚውን ካነሣች በኋላ ግን እጇ ቆመ። ከእሱ በላይ ያሉት ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱም በዚያው ዓመት፣ በዚያችው በረንዳ፣ ከዚያችው ደግ ሴትዮ የተቀዱ ናቸው። ማን ቀድሞ እንደተናገረ በአንዱም ላይ አልጻፈችም።

አዲስ ዓምድ ከፈተች። «ቀድሞ የተናገረ» ብላ ሰየመችው። ወደ አንደኛው ተመለሰች፣ ጆሮ ማዳመጫዋን አደረገች፣ ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ አስኬደችው። የነፋስ ድምፅ፣ የወንበር ድምፅ። እማማ ሜጋ ማንም ሳይጠይቃቸው ባሕሩ ዛሬ ተቆጥቷል ይላሉ። ሳኤ በአዲሱ ዓምድ ውስጥ «ሜጋ» ብላ ጻፈችና ሁለተኛውን ከፈተች።